የሦስት ዓመት የምርምር በጀት፦ ግሽበትና የደመወዝ ጭማሪ ከየትኛው ቀን ይቆጠራሉ?

የሦስት ዓመት የምርምር ፕሮጀክት በጀት ሲዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ ክርክር የሚነሣው በግሽበቱ ምጣኔ ላይ ነው። አንዱ 12 በመቶ ይያዝ ይላል፤ ሌላው 15 በመቶ ካልተያዘ አይበቃም ይላል። በመጨረሻ አንድ ቁጥር ይመረጥና የአንደኛው ዓመት ጠቅላላ ወጪ በዚያ ቁጥር እየተባዛ የሁለተኛውና የሦስተኛው ዓመት በጀት ይወጣል። በዚህ አሠራር ሁለት ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ያልፋሉ። ምጣኔው የሚመለከተው የትኛውን ወጪ ነው? ቆጠራውስ የሚጀምረው ከየትኛው ቀን ነው? ከዚህ በታች በአንድ ምሳሌ እንደሚታየው፣ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መዝለል የሚያስከትለው ጉድለት ምጣኔውን በአምስት መቶኛ ነጥብ ከመሳሳት ሊበልጥ ይችላል።

የስህተቱ ጉዳት በሦስቱ ዓመታት ላይ እኩል አይከፋፈልም። በአንደኛው ዓመት የጎደለው ከሁለተኛው እየተወሰደ ይሸፈናል፤ የሁለተኛውም ከሦስተኛው ይወሰዳል። ስለዚህ ጉድለቱ ሁሉ ተከማችቶ የሚያርፈው በመጨረሻው ዓመት ላይ ነው። በተከታታይ ዙሮች መረጃ በሚሰበስብ ጥናት ደግሞ የጥናቱን ጥያቄ የሚመልሰው በአብዛኛው የመጨረሻው ዙር ነው።

ምሳሌው

አንድ የዩኒቨርሲቲ የጥናት ቡድን የ400 አርሶ አደር ቤተሰቦችን ኑሮ ለሦስት ዓመት ለመከታተል ዐቅዷል እንበል። መረጃው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ፣ በጥር ወር ይሰበሰባል። የጥናት ሐሳቡና በጀቱ የተዘጋጁት በጥር 2017 ሲሆን የመኪና ኪራይ፣ የነዳጅ፣ የመረጃ ሰብሳቢዎች የቀን ክፍያና የኅትመት ዋጋ የተጠየቀውም በዚያው ወር ነው። በዚያ ዋጋ አንድ የመስክ ዙር 600,000 ብር ይፈጃል። ፕሮጀክቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2017፣ የሚያበቃው ሰኔ 30 ቀን 2020 ነው። ስለዚህ ሦስቱ የፕሮጀክት ዓመታት ከመንግሥት የበጀት ዓመታት ጋር ይገጥማሉ።

በፕሮጀክቱ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በወር 20,000 ብር የሚከፈለው አንድ አስተባባሪና እያንዳንዳቸው 12,000 ብር የሚከፈላቸው ሁለት ረዳቶች። በአንድ ላይ የወር ደመወዛቸው 44,000 ብር ነው። ቡድኑ ለገበያ ዋጋ የ15 በመቶ ዓመታዊ ግሽበት፣ ለደመወዝ የ10 በመቶ ዓመታዊ ጭማሪ ገምቷል። ሁለቱም ለስሌቱ የተመረጡ ግምቶች ናቸው።

የመነሻ ዋጋው ቀን

በተለመደው አሠራር የመስክ ሥራው በአንደኛው ዓመት 600,000፣ በሁለተኛው 690,000፣ በሦስተኛው 793,500 ብር ይያዝለታል። ድምሩ 2,083,500 ብር ነው። ስሌቱ ግሽበቱን በትክክል አደራርቧል፤ የሦስተኛውን ዓመት ጭማሪ ያሰላው በሁለተኛው ዓመት ዋጋ ላይ ነውና። ስህተቱ ያለው በመነሻው ላይ ነው። 600,000 ብር የጥር 2017 ዋጋ ነው። የመጀመሪያው የመስክ ዙር ግን የሚካሄደው በጥር 2018 ነው። ፕሮጀክቱ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ቢሆንም ዋጋው አንድ ሙሉ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ግሽበቱ በአንደኛው ዓመት አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ፣ በሦስተኛው ሦስት ጊዜ መቆጠር ይኖርበታል።

| የመስክ ሥራ (በብር) | ከፕሮጀክቱ መጀመሪያ ሲቆጠር | ዋጋው ከተጠየቀበት ቀን ሲቆጠር | ልዩነት |
|---|---|---|---|
| ጥር 2018 | 600,000 | 690,000 | 90,000 |
| ጥር 2019 | 690,000 | 793,500 | 103,500 |
| ጥር 2020 | 793,500 | 912,525 | 119,025 |
| ድምር | 2,083,500 | 2,396,025 | 312,525 |

ልዩነቱ በመስክ ላይ ምን ማለት እንደሆነ መከተል ይጠቅማል። በጥር 2018 የጎደለው 90,000 ብር ከቀጣዩ ዓመት በጀት ይወሰዳል። በጥር 2019 የሚጎድለው 103,500 ብርም እንዲሁ። ሦስተኛው ዙር ሲደርስ ከተያዘው 793,500 ብር ውስጥ የቀረው 600,000 ብር ብቻ ነው፤ ዙሩ የሚጠይቀው ግን 912,525 ብር ነው። ወጪው በቤተሰብ ቁጥር ልክ የሚቀንስ ቢሆን ከ400 ቤተሰቦች ሊጎበኙ የሚችሉት 263 ያህሉ ናቸው። በእውነቱ ከዚያም ያንሳሉ፤ ምክንያቱም የመኪናው ኪራይና ወደ ወረዳው የሚደረገው ጉዞ የቤተሰቦቹ ቁጥር ቢቀንስም አይቀሩም። ከናሙናው ከሦስት አንድ እጅ በላይ በመጨረሻው ዙር ሲጠፋ፣ የቀሩት ቤተሰቦች የጠፉትን ይወክላሉ ወይ የሚለው ጥያቄ የጥናቱን ውጤት ሁሉ ይከተለዋል። በተለይ የሚቀሩት ለመንገድ የቀረቡት ከሆኑ መልሱ አይወክሉም የሚል ይሆናል።

አሁን ይህን ጉድለት ምጣኔን በመሳሳት ከሚመጣው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ቀኑ በትክክል ተቆጥሮ ግሽበቱ ግን በ15 በመቶ ፋንታ በ10 በመቶ ቢያዝ፣ የሦስቱ ዙሮች ድምር 2,184,600 ብር ይሆናል። ይህ ከ2,396,025 ብር የሚያንሰው በ211,425 ብር ነው። የመነሻውን ቀን በአንድ ዓመት መሳሳት ግን 312,525 ብር አጉድሏል። የወደፊቱን ግሽበት በትክክል ሊያውቅ የሚችል የለም፤ ዋጋው የተጠየቀበት ቀን ግን በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከሁለቱ ስህተቶች ትልቁ በቀላሉ ሊታረም የሚችለው ነው።

በምጣኔው በራሱ ላይም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት ከሚያወጣው የሸማቾች ዋጋ መረጃ ሁለት የተለያዩ የግሽበት መለኪያዎች ይገኛሉ። አንዱ የአንድን ወር ዋጋ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር የሚያነጻጽር ሲሆን ሌላው የ12 ወራት ተንከባላይ አማካይ ነው። ግሽበት እየወረደ ባለበት ጊዜ አማካዩ ከወርኃዊው ንጽጽር ከፍ ብሎ ይቆያል፤ እየወጣ ባለበት ጊዜ ደግሞ ዝቅ ይላል። በምሳሌው ወጪው ሁልጊዜ በጥር ስለሚወጣ የሚስማማው ጥርን ከጥር የሚያነጻጽረው ነው። ወጪው በዓመቱ ውስጥ በእኩል የሚበተን ቢሆን ግን አማካዩ ይሻላል። መረጃው ምግብንና ምግብ ነክ ያልሆኑ ሸቀጦችን ለይቶ ስለሚያሳይም፣ በነዳጅና በኪራይ ለሚፈጅ የመስክ ሥራ ምግብ ነክ ያልሆነውን ክፍል መመልከት ተገቢ ነው።

ደመወዝ የራሱ ቀን አለው

ደመወዝ የሚያድገው የገበያ ዋጋ በጨመረበት ዕለት አይደለም፤ ውሉ ወይም የመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ስኬል በሚወስነው ቀን ነው። በምሳሌው ሦስቱ ሠራተኞች ሐምሌ 1 ቀን 2017 በአዲስ ውል ቢቀጠሩና ጭማሪው አሥራ ሁለት ወር ከሠሩ በኋላ የሚሰጥ ቢሆን፣ በአንደኛው ዓመት ምንም ጭማሪ የለም። የዓመቱ ደመወዝ 528,000፣ ቀጥሎ 580,800፣ በሦስተኛው 638,880 ብር ይሆናል፤ ድምሩ 1,747,680 ብር ነው። እዚህ ላይ ከመስክ ሥራው የተለየ ነገር ይታያል። የመስክ ወጪው በመጀመሪያው ዓመት አንድ ዕድገት ሲጠይቅ ደመወዙ አይጠይቅም። አንድ ማባዣ ለሁለቱም ሊሠራ የማይችለው በመቶኛው መለያየት ብቻ ሳይሆን በቆጠራው መለያየትም ጭምር ነው።

ሠራተኞቹ ቀድሞ በተቋሙ ደመወዝ መዝገብ ላይ ያሉና ጭማሪያቸው በየዓመቱ ጥር 1 ቀን የሚሰጥ ቢሆኑ ስሌቱ ይለወጣል። በአንደኛው የፕሮጀክት ዓመት ስድስት ወር በ44,000፣ ስድስት ወር ደግሞ በ48,400 ብር ይከፈላል፤ ይህም 554,400 ብር ነው። በሁለተኛው ዓመት 609,840፣ በሦስተኛው 670,824 ብር ይሆናል። ድምሩ 1,835,064 ብር ሲሆን ከቀደመው በ87,384 ብር ይበልጣል። የጭማሪው መጠን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ አሠሪው የሚከፍለው የጡረታ መዋጮ ይጨመራል። መዋጮው የሠራተኛው መደበኛ ደመወዝ 11 በመቶ ስለሆነ ደመወዙ ባደገ ቁጥር አብሮ ያድጋል። ሠራተኛው ራሱ የሚያዋጣው 7 በመቶና የሥራ ግብር ግን ከደመወዙ ላይ የሚቀነሱ በመሆናቸው በበጀቱ ላይ እንደ ተጨማሪ ወጪ አይገቡም። በአዲሱ ውል መሠረት መዋጮው በአንደኛው ዓመት 58,080 ብር ሲሆን በሦስተኛው 70,276 ብር ከ80 ሳንቲም ይደርሳል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት የአንደኛውን ዓመት መዋጮ ለሦስቱም ዓመታት እንዳለ መገልበጥ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም መዋጮው በሕግ የሚከፈል ስለሆነ የሚጎድለው ገንዘብ ከሌላ ሥራ ላይ መወሰዱ አይቀርም።

ሁለቱን ማደራረብ

አንዳንድ በጀት አዘጋጅ ደመወዙን መጀመሪያ በጭማሪው፣ ከዚያም በግሽበቱ ያባዛል። በምሳሌው 1.10 በ1.15 ሲባዛ ዓመታዊው ዕድገት 26.5 በመቶ ይሆናል፤ በሦስተኛው ዓመትም የደመወዙ ወጪ ከመነሻው በ60 በመቶ ይበልጣል። ውሉ የሚፈቅደው ግን 21 በመቶ ብቻ ነው። ገምጋሚ ይህን ሲያይ ትርፉን ቆርጦ ብቻ ላይቆም ይችላል፤ የቀሩትንም መደቦች በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል። ደመወዝ ሁለቱንም ሊይዝ የሚችለው ውሉ የኑሮ ውድነት ማካካሻንና የአገልግሎት ጭማሪን ለየብቻ ሲደነግግ ነው። ያኔም ሁለቱ በበጀቱ መግለጫ ላይ ተለይተው መጻፍ አለባቸው።

ሆኖም ድርብ ቆጠራውን ማስወገድ ሌላውን ችግር አይፈታውም። ዋጋ በ15 በመቶ እያደገ ደመወዝ በ10 በመቶ ብቻ ሲያድግ የደመወዙ የመግዛት ዐቅም በየዓመቱ ወደ 4.3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ጭማሪው ከተሰጠ በኋላ እንኳ ሠራተኛው በተቀጠረበት ቀን ከነበረው 8.5 በመቶ ያህል አንሶ ይገኛል። ለሁለት ዓመት ቤተሰቦቹን ያወቀ፣ መጠይቁን በቃሉ የያዘ ረዳት ሥራውን ለመልቀቅ የሚያስበው በዚህ ጊዜ ነው። በእርሱ ፋንታ አዲስ ሰው መቅጠርና ማሠልጠን በበጀቱ ውስጥ ያልተያዘ ወጪ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን ምጣኔዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ የሚጠቅመው ለሒሳብ ብቻ አይደለም። ጭማሪው ከግሽበቱ በምን ያህል እንደሚያንስ ያሳያል፤ ቡድኑም ልዩነቱን ዐውቆ መቀበሉን ወይም ከፍ ያለ ጭማሪ በውሉ ውስጥ ማስገባቱን ከመጀመሪያው እንዲወስን ያደርገዋል።

ግሽበት የማይሸፍነው ወጪ

ከውጭ የሚገባ ዕቃ ከሁለቱም ምጣኔዎች ውጭ ነው። ለዚህ የሐምሌ 2016 ለውጥ ግልጽ ማስረጃ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነበር። ከዚያ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንኮች 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያው ዕለት ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ፤ ታኅሣሥ 2017 ላይ ከ120 ብር በላይ ሆነ። በነዚያው ወራት የተመዘገበው ዓመታዊ የሸማቾች ዋጋ ግሽበት ግን ከ20 በመቶ በታች ነበር።

ከለውጡ በፊት 3,000 ዶላር የሚያወጣ የቤተ ሙከራ መሣሪያ በበጀት ያስያዘ ፕሮጀክት፣ በ57 ብር ተመን 171,000 ብር ያስፈልገው ነበር። ለጥንቃቄ 20 በመቶ ግሽበት ቢጨምር 205,200 ብር ይይዛል። በ120 ብር ተመን ግን መሣሪያው 360,000 ብር ነው። ጉድለቱ 154,800 ብር ሲሆን የትኛውም ምክንያታዊ የግሽበት ግምት አይሸፍነውም። ስለዚህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው በዶላር ይጻፋል፤ ከጎኑም የታሰበው የምንዛሪ ተመንና ተመኑ የተወሰደበት ቀን ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚገዛ መሣሪያ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ምንም ስለማይኖረው ዓመታዊ ዕድገትም የለውም።

ገንዘቡ በዶላር የሚሰጥ ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ይፈጠራል። በብር የሚወጣ ወጪ በዛሬ ተመን ወደ ዶላር ተቀይሮ ከዚያ የብሩ ግሽበት በዶላሩ ላይ ይጫናል። ብር በ15 በመቶ ግሽበት ሥር ሆኖ የዶላር ዋጋ በብር 10 በመቶ ቢጨምር፣ ወጪው በዶላር ሲለካ የሚያድገው 1.15 ለ1.10 ተካፍሎ፣ ወደ 4.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ወጪውን በብር ማሳደግ፣ ከዚያም ለዚያ ዓመት በታሰበው ተመን ወደ ዶላር መቀየር ነው።

በስሌት ሰንጠረዥ ላይ

ይህን ሁሉ በአንድ የስሌት ሰንጠረዥ ለመሥራት ግምቶቹ ከወጪዎቹ ተለይተው በገጹ ራስ ላይ ይቀመጣሉ። በሚከተለው ምሳሌ `B1` የግሽበት ምጣኔ፣ `B2` የደመወዝ ጭማሪ ነው። በአራተኛው ረድፍ፣ ዋጋው ከተጠየቀበት ወር ወጪው እስከሚወጣበት ወር ያሉት ወራት ይጻፋሉ፤ በምሳሌያችን 12፣ 24 እና 36። በአምስተኛው ረድፍ የፕሮጀክቱ ዓመት ተራ ቁጥር ይሆናል። የመጀመሪያው ቀመር ለመስክ ሥራ፣ ሁለተኛው በአዲስ ውል ለተቀጠሩ ሠራተኞች ደመወዝ፣ ሦስተኛው ለጡረታ መዋጮ ነው።

```
=$B6*(1+$B$1)^(D$4/12)
=$B9*12*(1+$B$2)^(D$5-1)
=D9*0.11
```

በ`B6` የአንድ ዙር የመነሻ ዋጋ፣ በ`B9` የወር ደመወዝ ይገኛል። ወራቱ በቁጥር ስለተጻፉ የፕሮጀክቱ መጀመሪያ በስድስት ወር ቢገፋ የሚለወጠው አራተኛው ረድፍ ብቻ ነው። ግሽበቱ በየዓመቱ ይለያያል ተብሎ ከታሰበ ግን የመጀመሪያው ቀመር አይሠራም፤ የየዓመቱ ምጣኔ በተከታታይ መባዛት ይኖርበታል። ለምሳሌ ምጣኔው 15፣ ከዚያ 12፣ ከዚያ 10 በመቶ ቢሆን የሦስተኛው ዙር ዋጋ 600,000 በ1.15፣ በ1.12ና በ1.10 ተባዝቶ 850,080 ብር ይሆናል።

የተዘጋጀን በጀት መመርመር

በሌላ ሰው የተዘጋጀ በጀት ሲደርስ ስህተቱን ለማግኘት ቀመሮቹን ማየት የግድ አይደለም። የእያንዳንዱን መደብ የሁለተኛ ዓመት ወጪ ለአንደኛው፣ የሦስተኛውን ለሁለተኛው ማካፈል ይበቃል። ውጤቱ በሁሉም መደቦች አንድ ዓይነት ከሆነ ዕድገቱ የተሰላው በጠቅላላው ድምር ላይ ነው ማለት ነው። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ዓመት የጨመረው ብር ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ከጨመረው ጋር እኩል ከሆነ ግሽበቱ አልተደራረበም። የደመወዙ ዕድገት ከግሽበቱም ከጭማሪውም በልጦ ከተገኘ ሁለቱ በአንድ ላይ ተባዝተዋል።

የመነሻ ቀን ስህተትን ግን ማካፈል አያሳየውም፤ ምክንያቱም በሦስቱም ዓመታት ላይ በተመሳሳይ መጠን ስለሚያርፍ ንጽጽሩ ጤናማ ሆኖ ይታያል። እርሱን ለማግኘት የአንደኛውን ዓመት ወጪ ከዋጋ ማቅረቢያው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑና በመካከላቸው ወራት ካሉ በጀቱ ገና ሳይጀምር ጎድሏል። ከሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ ይህ ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚያልፈውም፣ በመጨረሻው ዙር ላይ ከናሙናው የሚወስደውም በዚሁ ምክንያት ነው።